ሰርቬየሩ ገደል ይግባልህ?

ሰሜን ሸዋ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚያልፍ የመንገድ ዲዛይን ሥራ ነበር። መሬቱን ከአየር በሌዘር የሚለካው የላይዳር በረራ አልቆ የተለኩት ነጥቦች ክምችት፣ ፖይንት ክላውዱ፣ እጃችን ገብቷል። ዛፉንና ቤቱን አውጥተን መሬቱን ብቻ፣ ማለትም ክላስ 2ን፣ ማስቀረት የኛ ድርሻ ነው። ነጥቦቹን በዓይነት የሚለየው ክላሲፊኬሽን ሌሊቱን ሠርቶ አደረ። ጠዋት ሰርቬየሩ መሬት ላይ ከለካቸው ቼክ ፖይንቶች ጋር ሲነጻጸር ስህተቱ 8 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አለቃዬ ፊቱ በራ። «አልፏል፣ ላከው!»

እኔ ግን የመሬቱን ቅርጽ በጥላ የሚያሳየውን ሂልሼድ ከፈትኩ። የገደሉ አፋፍ የለም። ሜዳው ጫፉ ጋ ቀጥ ብሎ መውደቅ ሲገባው፣ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ክሮስ ሴክሽን ቆርጬ ሳየው የአፋፉ ነጥቦች መሬት ያልተባለው ሁሉ በቀረበት ክላስ 1 ውስጥ ከዛፎቹ ጋር ተቀምጠዋል። አንዳንድ ቦታ 4 ሜትር መሬት ተሸልቷል።

«ጋሼ፣ ይኼን ይዩልኝ።»

«ቁጥሩ 8 ነው እያለህ ምን ታያለህ?»

«ቼክ ፖይንቶቹ የት ነው የተለኩት?»

«አስፋልቱ ላይ ነዋ! ሰርቬየሩ ገደል ይግባልህ?»

መልሱን ራሱ ሰጠኝ፤ እሱ ግን የመለሰ አልመሰለውም። አስፋልት ላይ መሬት ለማግኘት የሚቸገር ሶፍትዌር የለም።

ጉዳዩ አካባቢው ላይ ያለው ትልቁ ቤት ስንት ሜትር እንደሆነ ለሶፍትዌሩ የሚነግረው `Max building size` ላይ ነው። 60 ሜትር ነበር። ሶፍትዌሩ በየ60 ሜትሩ ዝቅተኛዋን ነጥብ መነሻ አድርጎ ይወስዳል፣ ከነሱ ሦስት ማዕዘኖች ይሠራል፣ ከዚያ ለሦስት ማዕዘኖቹ የቀረቡ ነጥቦችን እየጨመረ መሬቱን ያጠራል። ገደል ላይ ዝቅተኛዋ ነጥብ ታች ናት። አፋፉ ከዚያ ወደ ላይ ሲታይ በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ አዲስ ነጥብ ለመጨመር ከተፈቀደው አንግል፣ ከ`Iteration angle` 6 ዲግሪ፣ ያልፋል፣ እንደ ጣሪያም ተቆጥሮ ይጣላል። አካባቢው ላይ ግን ከጎጆ የሚበልጥ ቤት የለም። 60 ሜትር መጋዘን ማን ሠራ?

ገደሉን ብቻ በፖሊጎን ከብቤ 20 ሜትር አደረግሁት። መነሻዎቹ ሜዳው ላይም በዙ፣ አፋፉ ተመለሰ። አንግሉን ብቻ ብጨምር ኖሮ ቁጥቋጦው ሁሉ መሬት ሆኖ ይገባ ነበር። ቀጥ ብሎ የቆመ ቋጥኝ ላይ የቀሩትን ግን በእጅ ጨመርኩ።

ቼክ ፖይንቱ ያው 8 ሴንቲ ሜትር። አንዲት ሚሊ ሜትር አልተነቃነቀም። አለቃዬ «አየህ፣ ድሮም ደህና ነበር» ብሎ ፈረመበት።

ሆኖም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም መሰለኝ፤ በቀጣዩ ስብሰባ 20 ሜትር የሁሉም ፕሮጀክት መነሻ እንዲሆን አዘዘ። በቦታው ዓይነት ይለያያል ብል «አንተው አይደለህ ያመጣኸው?» አለኝ። የሚቀጥለው ሥራችን ትልልቅ ሼዶች ያሉበት የፋብሪካ ሰፈር ነበር። ቤቱ ወጥቶለታል በተባለው መሬት ላይ አናታቸው የተስተካከለ፣ 9 ሜትር ከፍታ ያላቸው ተራሮች በመስመር ተሰልፈው ወጡ። ቼክ ፖይንቶቹ አሁንም አስፋልት ላይ ናቸው፤ አልፏል።