ሊዝ ከመፈረሜ በፊት ኖቲሱን፣ ዲፖዚቱንና ቅጣቱን እንዴት እንዳነበብኩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶ ልከራይ ነበር። ኪራዩ በወር 1,900 ዶላር ነው፤ ዲፖዚቱም ያው 1,900። ውሉ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦገስት 31 ለአንድ ዓመት ነው። አከራዩ የአገራችን ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ጨዋ ሰው። ከኢንተርኔት ያወረዱትን ሊዝ ስምና ዋጋ ሞልተው በኢሜይል ላኩልኝና ደወሉ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ለወጉ ያህል ነው። እኛ እኮ ወገን ነን፤ ፈርመህ ላከው" አሉኝ።

"እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ሙሉውን አንብቤ እደውልልዎታለሁ" አልኳቸው።

ወገን መሆናችን እውነት ነው። ግን ነገሩ የተበላሸ ቀን ዳኛው ፊት የሚነበበው ወረቀቱ ነው። ደግሞ እንዲህ ከኢንተርኔት የሚወርድ ሊዝ ብዙ ጊዜ የሜሪላንድን ሕግ ተከትሎ የተጻፈ አይደለም። አከራዩ ራሳቸው ሳያውቁት ሕግ የሚከለክለውን ነገር ልከውልኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያነበብኩት እሳቸውን ተጠራጥሬ ሳይሆን ለሁለታችንም ብዬ ነው።

ሊዙን እንደ ልብ ወለድ ከገጽ አንድ አልጀመርኩም። የፈለግኩት ሦስት ነገር ነው፦ እንዴት እንደምወጣ፣ ዲፖዚቴ እንዴት እንደሚመለስ፣ ምን ላይ እንደምቀጣ። ፋይሉን ከፍቼ መፈለጊያው ላይ notice፣ vacate፣ renew፣ deposit፣ fee እና terminate እያልኩ በየተራ ጻፍኩ። የወጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ይሄ የጠቀመኝ አንድ ጉዳይ ሊዝ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ስለማይቀመጥ ነው። ስለ ዲፖዚት "ዲፖዚት" የሚል ርዕስ ስር አንድ ነገር ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ተጨማሪ ገጾች ደግሞ ሌላ ይላሉ። የእኔም እንደዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፍለጋው የዘለለው ነገር እንዳይኖር ሙሉውን አነበብኩት።

መጀመሪያ ኖቲሱ። ሊዙ ተከራዩ ለመውጣት የ60 ቀን የጽሑፍ ኖቲስ ይስጥ ይላል። ኖቲስ ካልተሰጠ ውሉ ራሱን በራሱ ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ያድሳል። እዚህ ላይ ካላንደር አወጣሁ። ኦገስት 31 ለመውጣት 60 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ጁላይ 2 ላይ ያርፋል። ሊዙ ደግሞ ኖቲሱ "የተላከበት" ሳይሆን "የደረሰበት" ቀን ይቆጠራል ይላል። ማለትም ጁላይ 1 ፖስታ ቤት ያስገባሁት ደብዳቤ ጁላይ 5 ቢደርስ አርፍጃለሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተነሳ ሌላ ዓመት ሙሉ ልታሰር ነው። በወር 1,900 ሲሰላ 22,800 ዶላር ነው።

የሜሪላንድ ሕግ ግን እንዲህ ዓይነቱን የራስ በራስ እድሳት ዝም ብሎ አይቀበልም። አንቀጹ ከሌሎቹ ተለይቶ በግልጽ መቀመጥ አለበት። ተከራዩ መስማማቱን ለብቻው የሚያረጋግጥበት ቦታም ያስፈልጋል። በእኔ ሊዝ ላይ አንቀጹ ስለ ቆሻሻ አወጣጥ በሚያወራ ረጅም አንቀጽ ጅራት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ለብቻው የሚፈረምበት ቦታም የለውም። እኔ የፈለግኩት ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ ከወር ወር እንዲቀጥል ነው። ሕጉ የእድሳት አንቀጽ ለብቻው ይረጋገጥ የሚለው ለዓመት ዓይነቱ እንጂ ከወር ወር ለሚቀጥለው አይደለም።

እዚያው አጠገብ ሌላም ነገር አገኘሁ። አከራዩ ከወር ወር የሚኖረውን ተከራይ በ30 ቀን ኖቲስ ማስወጣት ይችላል ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ ከወር ወር ለሚኖር ተከራይ አከራዩ ቢያንስ 60 ቀን መስጠት አለበት። ሊዝ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ያነሰ ግን አይችልም። ይሄንን በቀይ አሰመርኩበት።

ቀጥሎ ዲፖዚቱ። መጠኑ ላይ ችግር አልነበረም። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ለሚፈረም አዲስ ሊዝ ዲፖዚት፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ድሮ እስከ ሁለት ወር ይቻል ነበር። ያሳሰበኝ አመላለሱ ነው። ሊዙ "በ60 ቀን ውስጥ" ይላል፤ ሕጉ 45 ቀን ነው። ኦገስት 31 ከወጣሁ እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ ገንዘቡ፣ ወይም ምን እንደተበላሸና ስንት እንደተቆረጠ የሚዘረዝር ደብዳቤ መላክ አለበት። አከራዩ ዝርዝሩን በጊዜው ካልላከ ለጉዳት ብሎ የመቁረጥ መብቱን ያጣል። ያለ በቂ ምክንያት ገንዘቡን ከያዘ ደግሞ ፍርድ ቤት የተያዘውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል፤ የጠበቃም ወጪ ይጨመርበታል። ይሄንን ለጋሼ የነገርኳቸው ለማስፈራራት አይደለም። እሳቸውም 60 ቀን አለኝ ብለው ቢቀመጡ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው።

ተጨማሪው ገጽ ላይ ደግሞ "ተከራዩ ሲወጣ ለቀለምና ለምንጣፍ ማጠቢያ 450 ዶላር ከዲፖዚቱ ይቆረጣል" የሚል አለ። ቤቱ ንጹህ ቢሆንም ባይሆንም ማለት ነው። ዲፖዚት የሚቆረጠው ላልተከፈለ ኪራይ፣ ውል በመጣስ ለመጣ ኪሳራና በተለመደው አኗኗር ከሚመጣው እርጅና በላይ ለደረሰ ጉዳት ነው። ግድግዳ ላይ የፀሐይ ንጣት፣ ሰው የሚመላለስበት ምንጣፍ ላይ መሳሳት፣ ሥዕል የተሰቀለባት ሚስማር ቀዳዳ እርጅና ነው። የተቀደደ ምንጣፍ ወይም በቡጢ የተበሳ ግድግዳ ጉዳት ነው። ልዩነቱን ለማሳየት ደግሞ የገባሁበት ቀን ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር መረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሊዙ ላይ የመግቢያ ኢንስፔክሽን እንዲጨመር ጠየቅኩ። ተከራይ ከገባ በ15 ቀን ውስጥ በሰርቲፋይድ ሜይል ከጠየቀ አከራዩ አብሮት አይቶ የነበረውን ብልሽት በጽሑፍ ያሰፍርለታል። ሲወጣም እንዲሁ፣ ከመውጫው ቢያንስ 15 ቀን ቀድሞ የሚወጣበትን ቀንና አዲስ አድራሻውን በሰርቲፋይድ ሜይል ካሳወቀ ኢንስፔክሽኑ ላይ የመገኘት መብት አለው። ስልክ ደውሎ መናገር አይቆጠርም።

ቅጣቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰድኩ። ኪራይ ካረፈደ 10 ከመቶ ይላል። ሜሪላንድ ጣሪያው ካረፈደው ኪራይ 5 ከመቶ ነው፤ በእኔ ሒሳብ ከ190 ወደ 95 ዶላር ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ 10 ከመቶ ድረስ ይፈቀዳል። ወረቀቱ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስቴት ሲቀየር ቁጥሩም እንደሚቀየር እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፤ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ሜሪላንድ ላይ አይሠራም።

ከቁጥሩ ይልቅ የከፋው ግን አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። "የሚገባ ክፍያ በመጀመሪያ ለቅጣት፣ ቀጥሎ ለኪራይ ይውላል" ይላል። ምንም አይመስልም፤ ግን አስቡት። በኖቬምበር አንድ ጊዜ አረፈድኩና 95 ዶላር ተቀጣሁ፤ ቅጣቱን አልከፈልኩም እንበል። ዲሴምበር 1 ላይ ሙሉ 1,900 በጊዜው ብከፍልም ከላዩ 95 ለቅጣቱ ይነሳል። ኪራዬ 1,805 ብቻ እንደተከፈለ ይቆጠርና እንደገና ያረፈድኩ እሆናለሁ። ጃንዋሪም እንደዚያው። አንድ ጥፋት በየወሩ ይወልዳል። "ክፍያው መጀመሪያ ለኪራይ ይውላል" ተብሎ እንዲገለበጥ ጠየቅኩ።

የመጨረሻው ውሉ ሳያልቅ መውጣት ነው። ሥራዬ ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደኝ ስለሚችል ይሄ ለእኔ ዋናው ነበር። ሊዙ ቀድሞ የወጣ ተከራይ የቀሩትን ወራት ኪራይ በሙሉ ይከፍላል፣ ዲፖዚቱንም ያጣል ይላል። ማርች መጨረሻ ብወጣ አምስት ወር ይቀራል። 9,500 ኪራይና 1,900 ዲፖዚት፣ በድምሩ 11,400 ዶላር። ሕጉ ሁለቱንም ይገድባል። ዲፖዚት በቅጣት መልክ አይወረስም፤ አከራዩ መያዝ የሚችለው በትክክል የከሰረውን ያህል ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆንም አከራዩ ሌላ ተከራይ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት፤ ይሄንን ግዴታ የሚያስቀር አንቀጽ ዋጋ የለውም። አዲስ ሰው ጁን 1 ላይ ቢገባ የእኔ ዕዳ የኤፕሪልና የሜይ 3,800 ነው፤ ለማከራየት የወጣ ምክንያታዊ ወጪም ሊጨመር ይችላል። ይህ ማለት ግን ነፃ ነኝ ማለት አይደለም። ገበያው ቀዝቅዞ ሰው ካልተገኘ ዕዳው ይቀጥላል። ስለዚህ በሕጉ ብቻ አልተማመንኩም። የ60 ቀን ኖቲስና የአንድ ወር ኪራይ ከፍዬ ውሉን መጨረስ እንድችል ግልጽ አንቀጽ ይግባ አልኩ።

ጋሼን ደውዬ አላስጨነቅኳቸውም። አንቀጹን፣ ያለውን ቃል፣ እንዲሆን የምፈልገውን ቃል ጎን ለጎን ጽፌ በኢሜይል ላክሁላቸው። ከዚያ ነው የደወልኩት። "ጋሼ፣ ግማሹ ሕጉ ነው፤ ግማሹ የእኔ ልመና ነው" ብዬ ለየሁላቸው። ይሄ መለየት ረድቷል። በሕግ የተወሰነው ላይ ክርክር አልነበረም። በልመናው ላይ ተደራደርን። ቀድሞ ለመውጣት የአንድ ወር ኪራይ ያልኩትን አንድ ወር ተኩል ይሁን አሉ፤ ማለትም 2,850 ዶላር። ተስማማሁ። ከ11,400 ጋር አይወዳደርም፤ ደግሞ መጠኑን ከወዲሁ አወቅኩት። የ450 ዶላሩ አንቀጽ ወጣ። ኖቲስም በኢሜይል እንዲቆጠር፣ ቀኑም የተላከበት ቀን እንዲሆን ተስማማን።

"ይሄን ሁሉ እኔም አላነበብኩትም ነበር" አሉኝ በመጨረሻ።

በቃል የተስማማነውን በቃል አልተውነውም። የወጡት አንቀጾች ተሰርዘው፣ አዲሶቹ ተጽፈው፣ በእያንዳንዱ ለውጥ አጠገብ ሁለታችንም ኢኒሻል አደረግን። ዲፖዚቱን በቼክ ሰጠሁና ደረሰኝ ተቀበልኩ። አከራያችሁ ሕጉን ብታሳዩትም አልቀይርም ካለ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አለው። ካውንቲው ውስጥ ሆናችሁ 311 ደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ግን ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉ።