ዐይኑን ብቻ አትቁረጡ፦ የተጨፈነ ዐይን ከሌላ ፍሬም ስለመክፈት

ሰሞኑን የአሥራ ሁለት ሰዎች የቡድን ፎቶ ጨርሼ አስረከብኩ። ከፊት ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛ የተቀመጠችው ሴት ፎቶው ሲነሣ ዐይኗ ተጨፍኖ ነበር። አሁን ግን ተከፍቷል፤ እኔ እስክነግራት ድረስ ራሷም አላወቀችም። ይህን ሥራ መለማመድ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የወጣልኝ ስላልነበረ፣ ለምትሞክሩት ይጠቅም እንደሆነ አካሄዴን ልጻፈው። የምሠራው በፎቶሾፕ ነው። ሌየርና ማስክ እንደምታውቁ ቆጥሬ እነሱን እዘላለሁ።

መነሻ የሚሆነውን ፍሬም መምረጥ ብዙ አያስጨንቅም። አብዛኛው ሰው ጥሩ የወጣበትን ይዞ፣ የቀረውን አንድ ሰው ማስተካከል ነው። ሥራው ያለው ዐይን የሚወሰድበትን ፍሬም መምረጡ ላይ ነው፤ እኔ በበኩሌ የውጤቱ ግማሽ እዚህ ይወሰናል እላለሁ።

አንድ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እስኪከፍት ከ0.1 እስከ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ካሜራው በሰከንድ 5 ፍሬም የሚያነሣ ከሆነ በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለው 0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከተጨፈነው ቀጥሎ ያለው ፍሬም ላይ ዐይኑ ብዙ ጊዜ ገና በመከፈት ላይ ነው፤ ቆቡ የብሌኑን ግማሽ ሸፍኖ ሰውየውን እንቅልፍ የጣለው ያስመስለዋል። እኔም ጎረቤቱን ፍሬም ትቼ ራቅ ወዳሉት ሄድኩ። አንደኛው ላይ ዐይኗ ደኅና ተከፍቷል፣ ግን ፈገግታ የለም። ሌላኛው ላይ ፈገግ ብላለች፣ ነገር ግን ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ዘንበል አድርጋዋለች። ያለ ማመንታት ዘንበል ያለውን ወሰድኩ።

ምክንያቱም ሰው ከልቡ ፈገግ ሲል ጉንጩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የታችኛውን ቆብ ይገፋዋል፣ ዐይኑም ይጠብባል። ካልፈገገ ፊት የተወሰደ ሰፊ ዐይን በሚስቅ አፍ ላይ ቢቀመጥ፣ ሴትዮዋ የደነገጠች ትመስላለች። ይህን የሚያስተካክል መሣሪያ እኔ አላገኘሁም። ዘንበል ማለት ግን በማዞር ይስተካከላል። ልዩነቱን አጥብቃችሁ ያዙት፦ ወደ ትከሻ ማዘንበል ይስተካከላል፣ ፊትን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዞር ግን አይስተካከልም። ፊት ሲዞር አፍንጫ ወዲያኛውን ዐይን መሸፈን ይጀምራል፣ የሁለቱ ዐይኖች ስፋትም ይለያያል። እንዲህ ያለ ፍሬም ሌላው ነገሩ ሁሉ ቢያምር እንኳ ይለፋችሁ። ዕይታውም እንዲሁ ነው። ሌሎቹ ካሜራውን እያዩ እሷ ከጎን ያለውን ሰው የምታይ ከሆነ፣ ብሌኑን ለብቻው ማንቀሳቀስ ውስጥ አትግቡ፤ ሌላ ፍሬም ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ለረጅም ጊዜ አላላውስ ብሎኝ ወደነበረው ልምጣ። ብዙ ማስተማሪያ ላይ የሚታየው ዘዴ ዐይኑን ብቻ ዙሪያውን ቆርጦ በተጨፈነው ላይ መለጠፍ ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው ፊት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። የሚያይ ሰው ምን እንደሆነ መናገር ባይችልም ደስ አይለውም። ምስጢሩ ዐይን ሲጨፈን የሚለወጠው ዐይኑ ብቻ አለመሆኑ ነው። የላይኛው ቆብ ሲወርድ ከቅንድብ በታች ያለው ቆዳ ይለጠጣል፣ በቆቡ ላይ የነበረው እጥፋት ይጠፋል፣ ቅንድቡም ዝቅ ይላል። የተከፈተ ዐይን አምጥታችሁ ከተለጠጠው ቆዳና ዝቅ ካለው ቅንድብ ሥር ስታስቀምጡት ሁለቱ አይዛመዱም።

ስለዚህ የሚወሰደው ዐይን ሳይሆን ከቅንድብ በላይ ጀምሮ እስከ ጉንጭ አጥንት፣ ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ ያለው የፊት ክፍል በሙሉ ነው። ሁለቱንም ዐይኖች አንድ ላይ ውሰዱ። አንዱ ብቻ ቢበላሽም እንኳ ሁለቱንም ውሰዱ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትና ሁለቱ በአንድነት የሚያዩበት አቅጣጫ የሚጠበቀው እንደዚያ ነው። እኔ አፍንጫውንም እስከ ቀዳዳዎቹ ጨምሬ ነው በ Lasso የምቆርጠው። በኋላ በማስክ እደብቀዋለሁ፣ ለማስተካከል ግን ያስፈልገኛል።

ስለ Auto-Align Layers አንድ ነገር ልበል። ብዙዎች በእሱ ይጀምራሉ፣ በእሱም ይጨርሳሉ። ይህ መሣሪያ የሚያመሳስለው ሥዕሉን በሙሉ ነው፦ ግድግዳውን፣ ወንበሮቹን፣ የአሥራ አንዱን ሰው ልብስ። የእኛ ሴት ግን ጭንቅላቷን ያንቀሳቀሰችው ለብቻዋ ነው። ግድግዳው ልክ ሲገጥም የእሷ ፊት ሳይገጥም ይቀራል። በእጅ ለተነሣ ፎቶ ፍሬሞቹን ለማቀራረብ ይጠቅማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእጅ ሥራ ነው።

የተቆረጠውን ሌየር መጀመሪያ ወደ Smart Object ቀይሩት። ፒክሰሎቹ በየማዞሩና በየማሳደጉ እንደገና ስለሚሰሉ፣ ያለዚህ በነካካችሁት ቁጥር ሽፋሽፍቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከዚያ የሌየሩን ሞድ Difference ላይ አድርጉት። በዚህ ሞድ ሁለቱ ሥዕሎች በተመሳሰሉበት ቦታ ጥቁር ይሆናል፣ በተለያዩበት ይበራል። ዐይኖቹ ራሳቸው መቼም አይጠቁሩም፣ አንዱ ተጨፍኖ አንዱ ተከፍቷልና። መታየት ያለበት በአፍንጫ በኩል ያለው የዐይን ጥግ ነው። ይህ ጥግ በጅማት ከአጥንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዐይን ሲጨፈን ቦታውን ይዞ ይቆያል። ቅንድብን ተከትላችሁ ብታስተካክሉ ግን ትሳሳታላችሁ፣ እሱ ይንቀሳቀሳል።

መጠኑን የማገኘው በመለካት ነው። በዋናው ፎቶ ላይ በሁለቱ ውስጠኛ የዐይን ጥጎች መካከል 84 ፒክሰል ነበር፣ በሁለተኛው ፍሬም ላይ 82። ሴትዮዋ ትንሽ ወደ ኋላ ተደግፋ ነበር ማለት ነው። 84ን ለ82 ሳካፍል 102.4 በመቶ ሆነ፤ በ Free Transform ውስጥ ይህን ቁጥር ጻፍኩት። ከዚያ የማዞሪያውን እምብርት በሁለቱ ጥጎች መካከል አስቀምጬ የአፍንጫው ጠርዝ በ Difference እስኪጠቁር ድረስ አዞርኩት፤ ሁለት ዲግሪ ተኩል ላይ ገጠመ። እምብርቱን ሳታንቀሳቅሱ ብታዞሩ ዐይኑ ከቦታው እየሸሸ ያስቸግራችኋል።

ቀጥሎ ሌየሩን ወደ Normal መልሳችሁ በጥቁር ማስክ ሸፍኑትና በነጭ ብሩሽ ግለጡት። ስፌቱ የት ይለፍ የሚለው እንደ ፊቱ ነው። እኔ ከላይ ከቅንድቡ ፀጉር በላይ፣ በጎን የአፍንጫው ጥላ በሚጀምርበት መስመር፣ ከታች ደግሞ ከዐይን ሥር ባለው ተፈጥሯዊ እጥፋት ላይ አሳልፈዋለሁ። ቅንድብ መሃል ላይ አትቁረጡ፣ ሁለት ቅንድብ ይወጣላችኋል። ብሩሹን በጣም ትልቅና ለስላሳ ማድረግንም አልወድም። ስፌቱ ሲሰፋ የሁለቱ ፍሬሞች የቆዳ ቀዳዳዎች ይደራረባሉ፣ በዚያ ቦታም ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስላል። ጠባብ ስፌት፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ፣ ይሻላል።

ቀለሙን በዐይን ግምት ማመሳሰል ትቻለሁ። የ Eyedropper መጠኑን 5 by 5 Average ላይ አድርጌ፣ በሁለቱም ፍሬሞች በቅንድቦቹ መካከል ያለችውን አንዲት ቦታ አነብባለሁ። ዋናው ቀይ 172፣ አረንጓዴ 124፣ ሰማያዊ 98 ነበር፤ ሁለተኛው 160፣ 117፣ 94። በተለጠፈው ሌየር ላይ ብቻ እንዲሠራ የታሰረ Curves ከፍቼ በቀዩ ቻናል 160ን ወደ 172፣ በአረንጓዴው 117ን ወደ 124፣ በሰማያዊው 94ን ወደ 98 አነሣሁ። ሦስት ነጥብ ብቻ ነው፣ ስፌቱም ወዲያው ጠፋ። እንዲህ አድርጋችሁ ግንባሩ ገጥሞ ጉንጩ ካልገጠመ፣ ችግሩ የብርሃን አቅጣጫ ነው። ብርሃኑ በሌላ በኩል ካረፈ ኩርባ አያድነውም፣ ፍሬሙን ቀይሩ።

ሲበራ የዐይኑ ነጭም አብሮ ይበራል። ከጎን የተቀመጡትን ሰዎች ዐይን እያያችሁ መልሱት። ነጩ ከቆቡና ከሽፋሽፍቱ ሥር ምንጊዜም ጥላ አለው፤ ያንን ጥላ የሚያጠፋ ሰው ዐይኑን ከፊት አውጥቶ አንጠለጠለው ማለት ነው። በብሌኑ ላይ ያለችው የብርሃን ነጥብም በሌሎቹ ሰዎች ዐይን ላይ ካለችው ጋር በአንድ በኩል መሆን አለባት።

ለመፈተሽ ሥዕሉን አግድም ገልብጬ፣ በስክሪኑ ልክ አሳንሼ አየዋለሁ። 300 በመቶ አጉልቶ መፈተሽን አላምንበትም። በዚያ ርቀት የሚታየው ስፌት ሌላ ቦታ አይታይም፣ የተሳሳተ አቀማመጥ ግን በትንሹ ሥዕል ላይ ነው ቶሎ የሚጋለጠው።

ይህ ሁሉ ግን ዐይኑ የተከፈተበት ፍሬም ካለ ነው። ሲ ኤስ አይ አር ኦ በሚባለው የአውስትራሊያ የሳይንስ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ ለዚህ ስንት ጊዜ ማንሣት እንደሚያስፈልግ አስልተው፣ አስቂኝ ሆነው ለሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት በ2006 አግኝተዋል። ከ20 ሰው ላነሰ ቡድን፣ ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ የሰዉን ቁጥር ለ3፣ ደካማ ከሆነ ለ2 አካፍሉ ይላሉ፤ ያን ያህል ጊዜ ብታነሡ ሁሉም ዐይኑን የከፈተበት ፎቶ የማግኘት ዕድላችሁ ከፍተኛ ነው። ለአሥራ ሁለት ሰው አራት ወይም ስድስት ማለት ነው። እኔ ስድስቱን እመርጣለሁ፣ ብርሃኑ ምንም ቢሆን። የስድስተኛው ፍሬም ዋጋ አንድ ጊዜ መጫን ነው፣ የዚህ ሥራ ዋጋ ግን አንድ ሙሉ ምሽት።

እስካሁን ያልሆነልኝ መነጽር ነው። ሌንሱ ከኋላው ያለውን የፊት ጠርዝ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በላዩ ያለው ነጸብራቅም ጭንቅላት ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቦታውን ይለውጣል። ስለዚህ ከላይ የጻፍኩት የቅንድብና የጉንጭ ስፌት እዚያ አይሠራም። ለጊዜው ጭንቅላቱን ከነመነጽሩ እስከ አንገት እየወሰድኩ ነው፤ ስፌቱን በአገጭ ሥር ባለው ጥላ ውስጥ እደብቀዋለሁ፣ ፀጉሩ ዙሪያ ግን ያለው ዳራ እየተለየ ያስቸግረኛል። ከዚህ የተሻለ መንገድ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ወፍራም ሌንስ ላይ የሠራችሁ፣ ስፌቱን የት እንደምታሳልፉት ጻፉልኝ።