የደንበኛን ፎቶ አቀናብሮ ማስታወቂያ ላይ ከማውጣት በፊት

ፒያሳ አካባቢ ላለ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ። በዓል ሲቃረብ ባለሱቋ ሞዴል ከመቅጠር እውነተኛ ደንበኛ ማሳየት ፈለገች። የመረጠችው ቀሚሳቸውን ሲረከቡ ሱቁ ውስጥ ፎቶ የተነሱ አንዲት እናት ናቸው። ፎቶው ያምራል። ከኋላቸው ግን ካርቶን ተደራርቧል። ስለዚህ እሳቸውን ከፎቶው ቆርጦ ሌላ ቦታ ላይ ማቀናበር የግድ ሆነ።

«ፎቶ ሲነሱ እሺ ብለዋል እኮ» አለችኝ ባለሱቋ። ለፎቶ መቆም ግን ለማስታወቂያ መፍቀድ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ቀሚስ ማሻሻጥ እዚያ ውስጥ የለም። አንቀጽ 27 ፈቃድ ይላል እንጂ ወረቀት አይልም። ነገር ግን ክርክር ከመጣ በቃል የተባለን ነገር በምን ያስረዱታል?

በተቀናበረ ምስል ላይ ደግሞ «ፎቶዬን ተጠቀሙ» የሚል ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ሰውየው የሚያውቀው የተነሳውን ፎቶ ነው፤ የሚለጠፈው ሌላ ነው። ስለዚህ ረቂቁን በከለር አትሜ ይዤላቸው ሄድኩ። ምስሉ ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል በረንዳ ላይ ቆመዋል።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም። የሰፈር ሰው ሲያየኝ ምን ይላል?»

«እንግዲያው የት ቢሆን ደስ ይልዎታል?» አልኳቸው።

«ቤት ይሁን። ቡና ከቀረበበት። ሽበቴንም እንዳትነካብኝ።»

በረንዳውን አውጥቼ ነጭ ግድግዳና ረከቦት አስገባሁ። ባለሱቋ ጥለቱን ወደ ቀይ እንድቀይረው ጠይቃ ነበር፤ እምቢ አልኩ። እሳቸው የገዙት አረንጓዴ ጥለት ነው። ያልገዙትን ቀሚስ አልብሶ «ደንበኛችን» ማለት ገዢን ማታለል ነው። ፎቶው ጠርዝ ላይ የጓደኛቸው ክንድ ከነአምባሩ ይታይ ነበር። ፊት ባይኖርም የሚያውቃት ሰው ይለያታል፤ እሷን ስላላስፈቀድን ቆርጬ አወጣሁት።

የፈቃድ ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ምስሉ ከሌላ ምስል ጋር እንደሚቀናበር፣ መልካቸውና ቀሚሳቸው እንደማይነካ፣ ሱቁ መስኮትና የሱቁ የፌስቡክ ገጽ ላይ ብቻ እንደሚወጣ፣ ለአንድ ዓመት እንደሆነ፣ የሚከፈላቸውንም ይዘረዝራል። ሳይፈርሙ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን ምስል አባሪ አድርገን እሱም ላይ ፈረሙ፤ ምን እንዳዩና ምን እንደፈቀዱ የሚያሳየው ይኸው አባሪ ነው። አንድ ቅጂ ለእሳቸው ቀረ።

በኋላ ባለሱቋ ያንኑ ምስል የታክሲ ጀርባ ላይ ልለጥፈው አለች። ወረቀቱን አውጥተን አየነው። ታክሲ አልተጻፈም። ደወልንላቸው፤ «መንገድ ለመንገድማ አልዞርም» አሉ። ለታክሲው የቀሚሱን ብቻ ፎቶ አንስተን ተጠቀምን።