ሦስቱ ማርክ የት ሄደ?

"ቲቸር፣ የቱ መስመር ነው የተሳሳተው?"

የኩዊዝ ወረቀት በመለስኩ ማግስት ነው። አንዲት የፍሬሽማን ተማሪ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባ ቢሮዬ በር ላይ ቆማለች። የደሴን የጠዋት ብርድ ገና አልለመደችውም። ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። ከ6 3 አግኝታለች። ከማርኩ ጎን በቀይ እስክርቢቶ "ተገላቢጦሽ!" ብዬ ጽፌያለሁ። ሌላ ምንም የለም።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት።

"አንዱም መስመር አልተሳሳተም።"

"ታዲያ ሦስቱ ማርክ የት ሄደ?"

ክላስ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ። "አብሽሪ፣ ነገ በጽሑፍ አስረዳሻለሁ" አልኳት። ቅር እያላት ሄደች። እኔም ማታ በሚኒባስ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ያቺ "ተገላቢጦሽ" ያልኳት ነገር አሳፈረችኝ። መቶ ገደማ ወረቀት ለሚያርም ሰው አንድ ቃል ጣል አድርጎ ማለፍ ይቀለዋል። ልጅቷ ግን ከዚያ ቃል ምን ትማር?

ጥያቄው የታወቀ ነው። a እና b ከዜሮ የማያንሱ ቁጥሮች ሲሆኑ አማካያቸው ከብዜታቸው ስኩዌር ሩት እንደማያንስ አረጋግጡ ይላል። እሷ እንዲህ ሠርታዋለች፦

```
(a+b)/2 ≥ √(ab)
(a+b)²/4 ≥ ab
a² + 2ab + b² ≥ 4ab
a² − 2ab + b² ≥ 0
(a−b)² ≥ 0
```

ከሥሩ "ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው፣ ስለዚህ ተረጋግጧል" የሚል አለ። ጽሕፈቷ ያምራል። አልጀብራውም ንጹሕ ነው። ቤት ገብቼ፣ ራቴን ከበላሁ በኋላ፣ ይህን ጻፍኩላት።

"ሰላም። ትናንት በችኮላ ስለሸኘሁሽ ይቅርታ። በአንድ ቃል ማለፌም ልክ አልነበረም።

"እስቲ በሥራሽ ትንሽ እንጫወት። ጥያቄው 'ከዜሮ የማያንሱ' ይላል። ይህን ለጊዜው እንርሳውና a = −4፣ b = −9 እናድርግ። አማካያቸው −6.5 ነው። ብዜታቸው 36፣ የ36 ስኩዌር ሩት ደግሞ 6 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመርሽ −6.5 ≥ 6 ይሆናል። ስድስት ብር ተኩል ዕዳ ያለበት ሰው፣ ስድስት ብር በኪሱ ከያዘው ሰው ይበልጣል እንደማለት ነው። ዓይን ያወጣ ሐሰት።

"አሁን ወደ ሁለተኛው መስመር ውረጂ። 42.25 ≥ 36። እውነት። ሦስተኛው፣ 169 ≥ 144። እውነት። አራተኛውና አምስተኛው፣ 25 ≥ 0። እውነት። የራስሽን መስመሮች አንድም ፊደል ሳልነካ ከሐሰት ተነስቼ እውነት ላይ ደረስኩ። እዚያ ላይ 'ስለዚህ ተረጋግጧል' የምትለዋን ካከልኩባት −6.5 ከ6 እንደሚበልጥ አረጋገጥኩ ማለት ነው። አረጋገጥኩ?

"ነገሩ የተበላሸው ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መስመር ስትሄጂ ነው። ስኩዌር ማድረግ ምልክትን ይበላል። −6.5ም 6.5ም ስኩዌራቸው 42.25 ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ የቆመ ሰው ከላይ የነበረው ቁጥር ኔጌቲቭ ይሁን ፖዘቲቭ ማወቂያ የለውም። መረጃው ጠፍቷል።

"አንቺ የጻፍሽው 'ይህ ኢንኢኳሊቲ እውነት ከሆነ (a−b)² ከዜሮ አያንስም' የሚል ነው። እሱ ልክ ነው። ግን ማንም አልጠየቀሽም። (a−b)² ከዜሮ እንደማያንስማ ድሮም እናውቃለን። የተጠየቅሽው ግልባጩን ነው፤ ከምናውቀው ተነስተሽ ወደማናውቀው ነው መምጣት ያለብሽ። ከሐረጎ አናት የለቀቅሽው ድንጋይ ታች ይደርሳል። ታች ስለደረሰ ግን በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል ማለት አይደለም። መውጣቱን ደረጃ በደረጃ ማሳየት አለብሽ።

"ደግነቱ ያንቺ መንገድ ይወጣል። ወረቀትሽን ከታች ወደ ላይ እናንብበው፦

```
(a−b)² ≥ 0
(a+b)² ≥ 4ab
|a+b| ≥ 2√(ab)
a+b ≥ 2√(ab)
(a+b)/2 ≥ √(ab)
```

"ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ስንሄድ በሁለቱም ወገን 4ab ደመርን። ቀጥሎ የሁለቱንም ወገን ስኩዌር ሩት ወሰድን። ሁለቱም ከዜሮ ስለማያንሱ ትልቁ ትልቅ እንደሆነ ይቆያል። እዚህ ጋ ልብ በይ፣ የ(a+b)² ስኩዌር ሩት a+b አይደለም፣ |a+b| ነው። ብዙ ተማሪ እነዚያን ሁለት ቋሚ መስመሮች ይዘላቸዋል። ቀጥሎ |a+b|ን በ a+b ተካሁት። ይህን የፈቀደልኝ ጥያቄው ራሱ ነው። a እና b ከዜሮ ካላነሱ ድምራቸውም አያንስም።

"−4ን እና −9ን በዚህኛው መንገድ ላኪያቸው። ሦስተኛው መስመር ላይ 13 ≥ 12 ይላሉ፣ እውነት ነው። ወደ አራተኛው ሊያልፉ ሲሉ −13 ≥ 12 ይመጣና በሩ ይዘጋባቸዋል። ያንቺ ወረቀት ላይ ግን የሚያስቆማቸው ዘበኛ አልነበረም።

"እኔ ሳርም መጀመሪያ የምፈልገውም እሱን ነው። 'ከዜሮ የማያንሱ' የሚለው ሁኔታ የቱ መስመር ላይ ሥራ ሠራ? ያንቺ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ሁኔታውን ያልነካ ፕሩፍ ያለ ሁኔታውም ይሠራል ማለት ነው። ያለ ሁኔታው ደግሞ ነገሩ ሐሰት መሆኑን አሁን አየን። ስለዚህ አንድ ቦታ ቀዳዳ እንዳለ መስመሮቹን ሳልመረምር እንኳ አውቃለሁ። ቀጣዩን ወረቀት ከማስረከብሽ በፊት ጥያቄው የሰጠሽን ሁኔታ አክብቢና በፕሩፍሽ ውስጥ ፈልጊው።

"ሦስት ማርክ የሰጠሁሽ (a−b)²ን ስላገኘሽው ነው። ከባዱ ክፍል እሱ ነበር፣ የሚገኘውም አንቺ እንደሄድሽው ከመጨረሻው ወደ ኋላ በመሄድ ነው። እኔም ረቂቅ ላይ እንደዚያው ነው የምሠራው። የማስረክበው ግን ረቂቁን አይደለም። ወይ ትገለብጪዋለሽ፣ ወይ ደግሞ 'ሁለቱም ወገን ከዜሮ ስለማያንስ ይህ እርምጃ ወደ ኋላም ይሠራል' ብለሽ ከስኩዌሩ ጎን ትጽፊያለሽ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ስድስቱንም ታገኚ ነበር።"

በማግስቱ ሰጠኋት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበችው። −6.5 ≥ 6 ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች።

"ቲቸር፣ በየመስመሩ ድርብ ቀስት ባደርግበትስ? ይሄኛው፣ ⇔?"

"ለእያንዳንዱ ቀስት ምክንያት ካለሽ ይሆናል" አልኳት።

የዶርም ወሬ እንዴት እንደሚጓዝ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው የሚደርሰው። በሚቀጥለው ኩዊዝ ወረቀቱ ሁሉ በ⇔ ተሞልቶ መጣ። ምክንያት የጻፈ ከአምስት አይበልጥም። ጥያቄው √(x+6) ≥ x የሚሆነው ለየትኞቹ x ነው የሚል ነበር። አብዛኛው ተማሪ ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አደረገና x² − x − 6 ≤ 0 ላይ ደረሰ። ወደ (x−3)(x+2) ≤ 0 በተነው። መልሱንም −2 ≤ x ≤ 3 አለ። እኔም የመልስ ወረቀቴን አየሁና ራይት፣ ራይት እያልኩ ሄድኩ።

ወረቀት በመለስኩ ማግስት ያቺው ልጅ መጣች። የእሷ መልስ −6 ≤ x ≤ 3 ይላል። በቀይ ሰርዤዋለሁ።

"ቲቸር፣ −5ን ይሞክሩት።"

ሞከርኩት። −5 ሲደመር 6፣ አንድ። የ1 ስኩዌር ሩት 1 ነው። 1 ከ−5 ይበልጣል። እውነት። ስኩዌር ሲደረግ ግን 1 ≥ 25 ይሆናል። ሐሰት። ቀዝቀዝ ያለ ላብ መጣብኝ።

በፊት ለእሷ ያሳየኋት ሐሰቱ ስኩዌር ሲሆን እውነት መምሰሉን ነበር። አሁን ደግሞ እውነቱ ስኩዌር ሲሆን ሐሰት ሆነ። ሁለቱም ወገን ከዜሮ የማያንስ መሆኑን ካላወቅን ስኩዌር በወረደበትም በሚወጣበትም አይታመንም። እዚህ የቀኙ ወገን x ራሱ ነው፣ ኔጌቲቭ መሆን ይችላል። ልጅቷ ለሁለት ከፍላዋለች። x ከዜሮ ካነሰ፣ −6 እና ከዚያ በላይ እስከሆነ ድረስ ግራው ከዜሮ ስለማያንስ ኢንኢኳሊቲው ያለ ምንም ስሌት ይሠራል። x ከዜሮ ካላነሰ ግን ሁለቱም ወገን ከዜሮ ስለማያንስ ስኩዌር ማድረግ ይቻላል፣ ያ ደግሞ x ≤ 3 ይሰጣል። ሁለቱን ስንገጥማቸው ከ−6 እስከ 3 ይመጣል። ከቀስቱ ጎን በትንንሽ ፊደል "x ≥ 0 ስለሆነ" ብላ ጽፋለች። ሳርም አላነበብኩትም።

የመልስ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የሠራሁት፣ ሰበብ ከሆነ። ስኩዌር አደረግኩ፣ በተንኩ፣ ጨረስኩ።

የእሷን ማርክ እዚያው አስተካከልኩ። የሌሎቹን ወረቀት መልሼ ሰበሰብኩ። −2 ያሉትን ማርክ አልቀነስኩባቸውም፣ ጥፋቱ የጋራችን ስለነበር። ግን ያን ማታ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ፣ ራይት ካልኩበት መልስ አጠገብ፣ "x = −5ን ሞክሩ፣ ከዚያ የትኛው ቀስት ወደ ፊት እንደማይሠራ ጠቁሙ" ብዬ ጻፍኩ። ቀይ እስክርቢቶዬ አለቀና የመጨረሻዎቹን በሰማያዊ ጨረስኳቸው።