ወርክሾፑ ተዘግቶ ቆጣሪው ሲቆጥር

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፕ አስተዳድራለሁ። አሥራ አንድ ሠራተኞች አሉን። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን እንሠራለን። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ሲመጣ ሂሳቡ ያሳስበኝ ጀመር። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሰብስቤ ተናገርኩ። «የማትሠሩበትን ማሽን አጥፉ፤ ሂሳቡ ከብዶናል» አልኳቸው። ሁሉም እሺ አሉ። ከሳምንት በኋላ ዞር ዞር ብዬ ሳይ ምንም አልተለወጠም።

ያኔ ልጆቹ ቸል አሉኝ ብዬ ከፋኝ። አሁን ሳስበው ግን የነገርኳቸው ነገር አልነበረም። የትኛው ማሽን ቆሞ ምን ያህል እንደሚበላ እኔም አላውቅም። እነሱ ደግሞ የማያጠፉበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ አልጠየቅኳቸውም።

ነገሩ የተገለጠልኝ በኅዳር አንድ ማታ ነው። ስልኬን ረስቼ ወደ ወርክሾፑ ተመለስኩ። ውርጭ የጣለበት ማታ ነበር። ግቢው ጨለማ ነው፤ ማንም የለም። ድንገት ለቀለም መርጫ አየር የሚያምቀው ኮምፕረሰር ተነሣና መጮህ ጀመረ። ዘበኛችን ፎጣውን እንደተከናነበ፣ «ይሄማ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ይነሣል፣ መልሶ ይተኛል» አለኝ። እሱ ለምዶታል። እኔ ግን እዚያው ቆምኩ። ማንም ቀለም አይረጭም፤ ታዲያ አየሩ ወዴት ይሄዳል?

ወደ ቆጣሪው ሄድኩ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ያለውን ጽሑፍ ልብ ብሎ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። የእኛ ላይ 1000 imp/kWh ይላል። ይህ ማለት መብራቷ 1000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ቁጥሩ ከቆጣሪ ቆጣሪ ስለሚለያይ የራስን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ትቆጥራለህ፣ በ60 ታባዛለህ፣ ለ1000 ታካፍላለህ። የሚወጣው በዚያች ሰዓት እየወሰድክ ያለኸው ኪሎዋት ነው።

ኮምፕረሰሩ ሲያርፍ በደቂቃ 5 ቆጠርኩ። ይህ 0.3 ኪሎዋት ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ብልጭታው ወደ 60 ዘለለ። ልዩነቱ 55 ነው፤ ኮምፕረሰሩ ብቻውን 3.3 ኪሎዋት እየወሰደ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሰዓቴን ይዤ ጠበቅኩ። 16 ደቂቃ አረፈ፣ 4 ደቂቃ ሠራ፤ እንደገና 16 አረፈ፣ 4 ሠራ።

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት 14 ሰዓት ነው። በየ20 ደቂቃው አንዴ ከተነሣ 42 ጊዜ ይነሣል። በድምሩ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ይሠራል። ይህ ብቻ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ያቺ በደቂቃ 5 ብልጭታ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨመርበት ሌላ 4 ታመጣለች። አንድ ሰው ሳይሠራ በየሌሊቱ 13 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል።

በማግሥቱ ብየዳ ከሚሠራው ልጅ ጋር የሳሙና ውኃ በስፖንጅ ይዘን የአየር መስመሩን ዳሰስን። የጎማው መጋጠሚያ ላይ አረፋው ተንፈቀፈቀ። የታንከሩ ሥር ውኃ ማስወጫም ያስተነፍስ ነበር። ቀዳዳዎቹ ከመርፌ ዓይን አይበልጡም። ግን የ300 ሊትሩን ታንከር የአየር ግፊት ከ8 ባር ወደ 6 ለማውረድ በቅተዋል፤ 6 ሲደርስ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይነሣል። እዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ያንኑ ግፊት ለመሙላት ኮምፕረሰሩ ቆላ ካለው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ስለዚህ ትንሽ ማፍሰስ እኛን የበለጠ ያስከፍለናል።

ሁለተኛውን ንግግር ያደረግሁት ከዚህ በኋላ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ወሰደ። ጠዋት ሳይሆን ማታ፣ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሊወጣ ሲል አደረግሁት። ወንበር ላይ አላስቀመጥኳቸውም። «እንደ ወትሮው ዝጉና ቆጣሪው ጋ ኑ» አልኳቸው። ስለ ሂሳብ አንድ ቃል አልተናገርኩም። መብራቷን አሳየኋቸውና በጋራ ቆጠርን። 5 ሆነ። «ሁላችንም እዚህ ቆመናል፤ ማነው የሚሠራው?» አልኩ። ተያዩ። አንዱ ሮጦ ሁለቱን አሮጌ ብየዳ ማሽኖች አጠፋ። መልሰን ስንቆጥር ከ2 በታች ወረደ። እነዚህ የትራንስፎርመር ብየዳ ማሽኖች ኤሌክትሮዱ ሥራ ላይ ባይሆንም ውስጣቸው ያለው የሽቦ ጥቅል ኮረንቲ ይጠጣል። ያ «እምምም» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ለዓመታት ስንሰማው ኖረናል።

ከዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ዋናው አናጺያችን ተናገሩ። «ልጄ፣ ሞተር ሲነሣ ነው ብዙ ኮረንቲ የሚበላው። እያጠፉ ማስነሣት ከመተው ይብሳል» አሉ። በመጀመሪያው ንግግሬ ያልሰማሁት ምክንያት ይሄ ነበር። ሁሉም በዚህ ያምናል፤ የተማሩትም ከእሳቸው ነው። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ሲነሣ ብዙ ይስባል። ለስንት ጊዜ እንደሚስብ አብረን እንየው» አልኳቸው።

የመላጊያ ማሽኑንና የብናኝ መሳቢያውን አስነሣን። እንጨት አላስገባንበትም። በደቂቃ 33 ቆጠርን። ወደ 2 ኪሎዋት መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የብናኝ መሳቢያው ነው፤ ብናኝ ኖረም አልኖረም አየር መሳቡን አያቆምም። ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኮረንቲ ከመደበኛው ስድስትና ሰባት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የሚቆየው ግን ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ከፍ አድርገን ሁለቱም ሲነሡ 30 ኪሎዋት ለ3 ሰከንድ ወሰዱ ብንል እንኳ 25 ብልጭታ ነው። ባዶውን በሚሽከረከርበት አንድ ደቂቃ ውስጥ የሚበላው 33 ነው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ደቂቃም አይሞላ በለኛ» አሉ።

እኔም ከእሳቸው አንድ ነገር ተቀበልኩ። ሞተር በየደቂቃው ቢጠፋና ቢነሣ ጥቅሉ ይግላል፤ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተርም ቶሎ ያልቃል። በኮረንቲ ሂሳብ አንድ ደቂቃ ቢበቃም ለማሽኑ ጤና አይበቃም። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ላይ ተስማማን። እንጨት ለመምረጥ፣ ለመለካት፣ ቡና ለመጠጣት ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሆነ ይጥፋ። ከዚያ በታች ከሆነ ይተው። ይህን ቁጥር ብቻዬን ወስኜ ቢሆን ኖሮ የሚይዘው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ መለኪያ አንድ ነገር ልበል። ከዚያ በፊት አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአምፔር መለኪያ ለክቶ መላጊያው ባዶውን ሲዞር ሲሠራ ከሚበላው ግማሹን ያህል ይበላል ብሎኝ ነበር። ባዶውን የሚዞር ሞተር አምፔሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ አብዛኛው ግን ሞተሩ ውስጥ ማግኔት ለመፍጠር የሚመላለስ ነው። ቆጣሪው ኪሎዋት ሰዓት ሲቆጥር እሱን አይቆጥረውም። አምፔሩን በቮልት አባዝቶ መናገር ማጋነን ነው። ሠራተኛ ፊት የተጋነነ ቁጥር ይዘህ ከቀረብክ ደግሞ አንድ ቀን ይደረስበታል።

ብየዳ የሚሠሩትን ልጆች ያሳመናቸው ግን ቁጥር አልነበረም። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሁሉም ማሽኑን እንደተከፈተ ትቶ ወጣ። አንዱ ልጅ የክብ መጋዙን ጠረጴዛ እየጠረገ ሳለ መብራት መጣ። መጋዙ በራሱ ተነሣ። እግዚአብሔር አተረፈው፤ እጁ አንድ ስንዝር ይርቅ ነበር። ብዙ አዳዲስ ማሽኖች መብራት ሲሄድ ራሳቸውን የሚያጠፋ ማብሪያ አላቸው። የእኛ መጋዝ ያረጀ ነው፤ የለውም። ይህን ሳነሣ ሁሉም ዝም አሉ። ያ ልጅም እዚያው ቆሞ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም የየራሱን ማሽን ማብሪያ እንዲያጠፋ በዚያው ተስማማን።

የማይጠፉትንም ነገርኳቸው፤ ካልሆነ ሁሉንም የሚነቅል ሰው አይጠፋም። የካሜራው መቅጃና የበሩ መብራት አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ፤ አይነኩም። ብየዳ ማሽኑም ብዙ ሠርቶ እንደጋለ ወዲያው አይጠፋም። ፋኑ ጥቂት ደቂቃ ያቀዝቅዘው፣ ከዚያ ይጥፋ። ኮምፕረሰሩ ማታ ይጠፋል፣ የታንከሩ መውጫ ይዘጋል። ከሥሩ ውኃው እስኪወጣ ብቻ ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። አየሩን በሙሉ ካስተነፈስነው ጠዋት ከባዶ ለመሙላት ያንኑ ኮረንቲ እንከፍላለን።

ቆጣሪው አጠገብ ደብተር ሰቅለናል። የመጨረሻው የሚወጣ ሰው የማታውን ቁጥር ይጽፋል፤ መጀመሪያ የሚገባ የጠዋቱን። 13 የነበረው የሌሊቱ ልዩነት አሁን ከ1 እስከ 2 መካከል ነው። ይህ ሁሉ የንግግሩ ውጤት አይደለም፤ መጋጠሚያውን መለወጣችንም አለበት።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ልዩነቱ 6 ሆኖ ተገኘ። እኔ ገና አልገባሁም ነበር። ስደርስ ጋሼ የሳሙና ውኃውን በጣሳ ይዘው የኮምፕረሰሩን ጎማ እየዳሰሱ ነው። «ማታ ኮምፕረሰሩን ያጠፋ የለም፤ ሁሉንም ጠይቄያለሁ። ግን ባይፈስ ኖሮ ይህን ያህል አይነሣም ነበር» አሉኝ። አረፋው ከአዲሱ መጋጠሚያ አጠገብ ተንፈቀፈቀ።