የቆመው መድኃኒት የት ተጻፈ?

ተመላላሽ ክፍል በፋርማሲስትነት ስሠራ የመውጫ ማጠቃለያ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቆሙት መድኃኒቶች ነው። ይህን ልማድ ያመጣው አንድ ታካሚ ነው።

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። በከባድ ማኒያ ተኝተው ታክመው ከወጡ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኗቸዋል። ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ ተቅማጥም ይዟቸዋል። "መድኃኒቱን አንድም ቀን አላሳለፉም፤ እኔ ነኝ የምሰጣቸው" አለችኝ።

ማጠቃለያው ላይ ሊቲየም ማታ 900 ሚሊግራም፣ ኦላንዛፒን 10 ሚሊግራም፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ይላል። ሲወጡ በደማቸው ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን 0.8 ነበር፤ ጥሩ ነው። የዚያን ቀን ስንለካው 1.5 ሆነ።

"እስቲ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ አምጪልኝ" አልኳት። ከረጢቱን ስትዘረግፈው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወጣ። ከመታመማቸው በፊት ለግፊት የሚወስዱት ነው። ዋርድ ያሉት ሐኪሞች ከሊቲየም ጋር ስለማይስማማ አቁመው በአምሎዲፒን ተክተውታል። ትክክል ሠርተዋል። ግን ማጠቃለያው ላይ የሚወሰዱት ብቻ እንጂ የቆመው አልሰፈረም። ልጅቱ ምን ታድርግ? "የግፊት መድኃኒት እንዳይቋረጥ" ተብላ ኖራለች፤ ሁለቱንም ሰጠቻቸው።

ይህ የሚያሸና መድኃኒት ሶዲየምን ከሰውነት ያስወጣል። ኩላሊት ደግሞ የጎደለውን ሶዲየም ለመተካት ሲታገል ሊቲየሙንም አብሮ መልሶ ይይዘዋል። ተቅማጡ ሲጨመርበት ባሰ።

ሊቲየሙ ለጊዜው ቆመ፣ ፈሳሽ ተሰጣቸው፣ ኩላሊታቸው ታየ፣ ደማቸውም ተደጋግሞ ተለካ። ሲሻላቸው አንድ ባልደረባችን "ከ600 እንጀምር" አለ። አለቃችን አልተስማሙም። ጥፋቱ የመጠኑ ሳይሆን የተጨመረው መድኃኒት ነው፤ መጠኑን ከቀነስን ማኒያው ይመለስብናል አሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ተወግዶ በ900 ተመለሱ። ከሳምንት በኋላ ሲለካ 0.8 ነበር።

ሌላው ጉድለት ቀጠሮው ነው። "ከአንድ ወር በኋላ ክትትል፣ ሊቲየም ይለካ" ይላል። ማን ያዝዛል? ውጤቱን ማን ያያል? ወሩስ እንዲህ ላለ ሰው መች ይደርሳል? ደሙ የሚቀዳበት ሰዓት እንኳ አልተጻፈም። የማታውን ከወሰዱ 12 ሰዓት ሲሞላ ካልተቀዳ ቁጥሩ ያሳስታል።

አዲሱን ማጠቃለያ ዶክተሩ ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ። "የቆመ፦ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሊቲየምን ስለሚያስጨምር፤ ቤት ያለው ይወገድ" አለ። ከዚያ የሚቀጥለው የደም ቀንና ውጤቱን የሚያየው ሐኪም ስም ተጻፈ። እኔ አንድ አስጨመርኩ፤ ለሕመም ማስታገሻ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንዳይወስዱ፣ ፓራሲታሞል ይበቃል። ልጅቱ ወረቀቱን አይታ "ራስ ምታት ሲይዛቸው የምሰጣቸው ኢቡፕሮፌን ነበር'ኮ" አለችኝ።