መለያ የሌለው ካፕሱል በፎቶ ለምን አይታወቅም

«ይህ ምን መድኃኒት ነው?» ተብሎ በሚላክ ፎቶ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ዱቄት የያዘ ካፕሱል ወይም ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ነው። ፎቶው ምን ያህል እንደሚናገር ለመፈተሽ ሁለት ካፕሱል ሞላሁ፤ በአንዱ 400 ሚሊግራም የሞሪንጋ ቅጠል ዱቄት፣ በሌላው 360 ሚሊግራም ቅጠልና 40 ሚሊግራም ፓራሲታሞል። ፓራሲታሞሉን በሙቀጫ አልሜ ከቅጠሉ ጋር ጥቂት በጥቂት አዋሃድኩት፤ ባንዴ ቢደፋ ነጭ ነጠብጣብ ያጋልጠው ነበር። በደንብ ሲዋሃድ ሁለተኛው ትንሽ ፈዘዝ ከማለት በቀር ልዩነት የለውም። ካሜራው ደግሞ ከመስኮት ብርሃን ወደ አምፖል ሲዞር ቀለሙን በራሱ ስለሚያስተካክል፣ ያችን መፍዘዝ ይውጣታል።

ልዩነቱ የወጣው በቲኤልሲ፣ ማለትም በሰሌዳ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ፈሳሽ የዱቄቱን ንጥረ ነገሮች በሚለያይበት ዘዴ ነው። የእያንዳንዱን ካፕሱል ዱቄት በ4 ሚሊሊትር ሜታኖል በጥብጬ አጣራሁ። መጀመሪያ የተሳሳትኩት የተጣራውን ፈሳሽ ሳላቀጥን ሲሊካ ጄል በተቀባው ሰሌዳ ላይ ማስቀመጤ ነው፤ መጠኑ ስለበዛ ነጥቡ ተጎትቶ ረጅም ጭራ አወጣ። አሥር እጥፍ አቅጥኜ 5 ማይክሮሊትር ሳስቀምጥ ተስተካከለ። ንጹሕ ፓራሲታሞልም ከጎኑ አስቀመጥኩ። አጓጓዡ ፈሳሽ ኢታይል አሲቴት በሰሌዳው ላይ ወደ ላይ ከወጣና ሰሌዳው ከደረቀ በኋላ፣ በ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሁለተኛው ካፕሱል ጥቁር ነጥብ ከንጹሑ ፓራሲታሞል ነጥብ እኩል ከፍታ ላይ ቆመ። የመጀመሪያው እዚያ ቦታ ላይ ምንም አላሳየም።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። ጎን ለጎን የሚነጻጸር ናሙና ከሌለ የነጥቡ ማንነት ግምት ነው። በዕፅዋት ስም በሚሸጡ ካፕሱሎች ውስጥ ከተገኙ መድኃኒቶች አንዱ ዴክሳሜታዞን ነው፤ የአንዱ እንክብል መጠን 0.5 ሚሊግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። በ400 ሚሊግራም ዱቄት ውስጥ ይህ ከ800 አንድ እጅ ስለሆነ፣ በቅጠሉ የራሱ ነጥቦች መሃል በቀላሉ ይሰወራል። እንዲህ ላለው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ያለው ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።

የተጨመረ ነገር ባይኖርም ተክሉ ራሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለማቅጠኛ በተሰጡ ካፕሱሎች፣ በስቴፋኒያ ቴትራንድራ ፋንታ አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ ገብቶ የብዙ ሴቶች ኩላሊት ሥራ አቁሟል። የሁለቱ ቻይንኛ ስሞች፣ ፋንግ ጂ እና ጓንግ ፋንግ ጂ፣ ይቀራረባሉ፤ ከተፈጨ ሥር ቀለም ደግሞ መርዙን አይቶ የሚለይ ዓይን የለም።

ፎቶ ማንሳት ግን አልተውኩም። የካፕሱሉን መጠን ከማስመሪያ ጋር፣ በላዩ የታተመ ቁጥር ካለም እሱን ይመዘግብልኛል። የታተመ ኮድ ካለ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል፤ ይሁንና ሽፋን ተከፍቶ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ከአንድ ብልቃጥ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ካፕሱል ለየብቻ እመረምራለሁ፤ በእጅ የተቀላቀለ ዱቄት ከካፕሱል ካፕሱል ይለያያል። ጠጥቶ የታመመ ሰው ካለ ፎቶው አይበቃም፤ ብልቃጡ ከነቀሪው፣ ሳይገለበጥና ሳይታጠብ፣ ስንት ፍሬ መቼ እንደተወሰደ ተጽፎበት ከታማሚው ጋር ወደ ሐኪም ይሂድ።